ሁለት ፓኬት ቀሪ

ኢስተሂልን መጀመሪያ ያወቅኋት ጫማዋን በማውለቋ ነው። ወር በገባ በሃያ ሁለት፣ ኮሪደሩን ወልውዬ ገና ሳይደርቅ ትመጣለች። ሌሎቹ ረግጠውት ያልፋሉ። እሷ በሩ ላይ ቆማ የፕላስቲክ ጫማዋን ታወልቅና በእጇ አንጠልጥላ ትገባለች።

«አባዮ፣ ወለልሽን አላበላሽም» ትለኛለች። አባዮ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው።

እኔ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ከተማችን ከጅጅጋ ወደ አውበሬ በሚወስደው መንገድ በኩል ናት፤ ስሟን ባልጠራው ይሻላል። ባለቤቴ ወታደር ነበር። እሱን ተከትዬ መጣሁ፣ እሱ ሲዛወር እኔ ቀረሁ። ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ ማንበብ ግን እችላለሁ። ስለዚህ ከመጥረጊያው ሌላ ወረቀት ከክፍል ክፍል ማድረስና ያለፉ ሪፖርቶችን በየፋይላቸው ማስገባት የኔ ሥራ ሆነ።

ኢስተሂል የጎብሌ ቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እዚያው ጎብሌ ተወልዳ፣ ጅጅጋ አክስቷ ቤት ሆና እስከ አሥረኛ ክፍል ተማረች፤ አንድ ዓመት ሠልጥና ተመለሰች። የሷ ጤና ኬላ ሁለት ክፍል ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መብራት የለውም። ከቤት ቤት ትሄዳለች፣ ታስከትባለች፣ እርጉዝ ትከታተላለች፣ ተቅማጥና ሳል ያለባቸውን ልጆች ታክማለች። ከአቅሟ በላይ የሆነውን የሪፈር ወረቀት ጽፋ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ከወሩ ሃያ አንድ እስከ ቀጣዩ ወር ሃያ ድረስ ያለውን ደምራ ሪፖርት ታደርጋለች። ደንቡ ሪፖርቱ በጤና ጣቢያው በኩል እንዲያልፍ ነው። ያኔ ግን ጤና ጣቢያው ኃላፊ አልነበረውምና ወረቀቱ እዚያ እየተኛ ስላስቸገረ፣ ቀበሌዎቹ በቀጥታ ለእኛ እንዲያመጡ ታዘዘ።

ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ነው። አንደኛው ስንት ሰው ታመመ፣ ስንት ሰው ሪፈር ተባለ የሚል። ሁለተኛው የመድኃኒት ነው፤ ወሩ ሲጀምር ስንት ነበረ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ። ጫፉ ላይ አንድ ጠባብ ቦታ አለች፤ መድኃኒቱ ስንት ቀን ጨርሶ ጠፍቶ እንደነበረ የሚጻፍባት። ለሚቀጥለው ወር የሚላከው መድኃኒት በዚህ ገጽ ተሰልቶ ነው።

ሪፖርቱን ተቀብሎ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስገባው የጌታሁን የሚባል ሰው ነው፤ ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሥራ ወዳድ ሰው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን በ2012 ዓ.ም. ቀበሌዎቹን ሁሉ ሰብስበው ሲገመግሙ፣ ቀሪ በሚለው ሥር ዜሮ የጻፉትን በቀይ አክብቦ ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«መድኃኒት ያለቀበት ኬላ ማለት ባለሙያው አስቀድሞ አልጠየቀም ማለት ነው» አለ። «ይኼ የእቅድ ችግር ነው፣ ሌላ ስም የለውም።»

ስሟ በቀይ የተከበበ አንዲት ልጅ የኔ የዕቃ ክፍል ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ስብሰባው ሲበተን እኔ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ኢስተሂልን ውሃ ማጠራቀሚያው ጋ ጠራኋት።

«ስሚኝ» አልኳት። «ዜሮ እንዳትጽፊ። ከሁሉም ነገር ሁለት ሁለት አስቀሪ። ሁለቷን ማንም ይምጣ አትንኪያት። ያኔ ማንም አይናገርሽም።»

ሳቀች። «አባዮ፣ ኃላፊ መሆን የነበረብሽ አንቺ ነሽ።»

«መጥረጊያውን ማን ይይዝልኛል?»

በፍቅር ነው የመከርኳት። ደግሜ ደጋግሜ ይህን ለራሴ እነግረዋለሁ። አይረዳም።

በ2014 ድርቁ ጠና። ጎብሌ የሚሠራ የጉድጓድ ውሃ ስላላት፣ ከብቶቻቸው ያለቁባቸው ቤተሰቦች እየመጡ ዙሪያዋን በጨርቅና በቅርንጫፍ ጎጆ ሞሉት። ውሃው ለዚያ ሁሉ ሰው አልበቃም፣ ቦቴ ማመላለስ ጀመረ። ልጆቹ ተቅማጥ ያዛቸው። ከየካቲቱ ሪፖርት በኋላ ለኢስተሂል የገባላት ጥቂት ኦአርኤስ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው፣ ሰዉ ለምለም የሚለው ዱቄት፣ አልቆ የካቲት ሃያ ስምንት ቀን ከሁለቷ ፓኬት በቀር ምንም አልቀረም።

ወደ እኛ መጋዘን ደወለች። መጋዘን ጠባቂው ፋይሉን አየና «ባለፈው ሪፖርትሽ ቀሪ አለኝ ብለሻል። አሁንስ ጨርሶ አልቋል?» አላት።

«ሁለት አለ።»

«እንግዲህ አለሽ። ምንም የሌለው ይቅደም።»

ከዚያ በኋላ የሚመጡትን እናቶች ጨው በስኳር በውሃ በጥብጡ እያለች መለሰቻቸው። ስኳር የነበራቸው ጥቂት ናቸው። መዝገቡ ላይ ምን ታከመ የሚል ቦታ አለ፤ ምንም ያልሰጠችውን ሰው ምን ብላ ትጻፈው? አልጻፈችም። እናቶቹም መድኃኒት እንደሌለ ሲያውቁ መምጣቱን ተዉት። ስለዚህ በዚያ ወር በጎብሌ ተቅማጥ የያዛቸው ልጆች፣ በወረቀት ላይ ዘጠኝ ብቻ ሆኑ።

መጋቢት ዘጠኝ ቀን ዋርዳ የምትባል ሴት የአንድ ዓመት ተኩል ልጇን ኢልሀምን ታቅፋ መጣች። ይህን ኢስተሂል ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ኋላ፣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለን። የልጅቱ ዐይን ወደ ውስጥ ገብቷል። ኢስተሂል የሆዷን ቆዳ እንደተማረችው ቆንጥጣ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆየ፤ ቀስ እያለ፣ በጣም ቀስ እያለ ተመለሰ።

እንዲህ ያለችውን ልጅ ወዲያው ሪፈር ነው የሚሏት። ግን እየላኩም ኦአርኤሱን በጥብጦ እናቲቱ በመንገድ ላይ በማንኪያ እንድትሰጣት ማድረግ አለ። ኢስተሂል ይህን ታውቃለች፣ ፈተና ላይ ጽፋዋለች። አምቡላንስ ጋ ደወለች፣ ነዳጅ የለም ተባለች። ባዶውን የሚመለስ የውሃ ቦቴ ነበር፣ ሾፌሩን ለምና ዋርዳን ጋቢና አስገባቻት። ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሲደርሱ ይሰጧታል አለች በልቧ። የሪፈሩን ወረቀት ጻፈችላት። ሁለቱ ፓኬት መደርደሪያው ላይ እንዳሉ ነበሩ።

«አይቻቸዋለሁ እኮ» አለችኝ። «ረስቼ ቢሆን ይሻል ነበር። ቀና ብዬ አይቻቸው፣ የወሩን ማለቂያ አሰብኩ። አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል አልኩ።»

የቦቴው ጎማ መንገድ ላይ ፈነዳ። መለዋወጫው እስኪመጣ ዋርዳ ከመኪናው ሥር ጥላ ይዛ ተቀመጠች። ልጅቱ ከሰዓት በፊት ሞተች። እዚያው ከመንገዱ ራቅ ብሎ ቀበሯት፤ ሾፌሩና ሁለት የግመል ሰዎች ቆፈሩ።

በሦስተኛው ቀን ዋርዳ ኬላው በር ላይ ቆማ ኢስተሂልን ጠበቀቻት። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ከሻርፗ ጫፍ የሪፈሩን ወረቀት ፈታች። ሐኪሙ ሞልቶ የሚመልሰው የታችኛው ግማሽ ባዶውን ነበር።

«የመንግሥት ወረቀት ነው» አለቻት። «ለሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ነው።»

መጋቢት ሃያ ሁለት ቀን ኢስተሂል ስትመጣ ጫማዋን አላወለቀችም። ወለሉን ረግጣ ገባችና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም የነገረችኝ ያኔ ነው። እያወራች በግራ እጇ የቀኝ እጇን ጀርባ ቆንጥጣ ትለቃለች፣ ቆንጥጣ ትለቃለች፤ ቆዳዋ እስኪመለስ ታየዋለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ዜሮ ጽፌያለሁ። ሃያ ሁለት ቀን አልነበረኝም ብያለሁ። ልጅቷንም ጽፌያለሁ።»

«ያባርሩሻል። ሁለት እያለሽ ሰው ሞተብኝ ብሎ በእጅ ይጻፋል?»

«ሁለት ብዬ ከጻፍኩ በሚቀጥለውም ወር አለሽ ይሉኛል። ከትናንት ወዲያ ሌላ መጣ፣ ወንድ ልጅ። ሁለቱን ለሱ ሰጠሁ። አሁን በእውነት ምንም የለኝም፣ አባዮ። የሚቀጥለውን በምን ልቀበለው?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ነኝ የመከርኩሽ፣ አብሬሽ ልግባ ማለት ነበረብኝ። ዝም ብዬ መወልወያዬን አነሳሁ። እሷ የጌታሁን ክፍል ገባች፤ በሩ ግን ክፍት ስለነበር የተባለውን ሁሉ ሰማሁ።

የጌታሁን ሁለተኛውን ገጽ አይቶ ብዕሩን አስቀመጠ። «ኢስተሂል፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሪፖርት ነው።» ኢስተሂል በአማርኛ ትንሹንም ትልቁንም አንተ ነው የምትለው። «አንተ አንብበው።»

«የካቲት ላይ ቀሪ ሁለት ብለሻል። አሁን ሃያ ሁለት ቀን ጨርሶ አልነበረም ትያለሽ። ሁለቱ የት ሄዱ?»

«መደርደሪያ ላይ ነበሩ።»

«ከነበሩ አልጠፉማ።»

«የሪፖርት ነበሩ። የሰው አልነበሩም።»

የጌታሁን ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ምን ማለት ነው የሪፖርት?»

«አንተ በቀይ እንዳትከብበኝ የማስቀምጣቸው። ዋላሂ፣ እውነቱን ልንገርህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሁሉም መድኃኒት ሁለት ሁለት አስቀራለሁ። አልሰጥም። አቧራቸውን አራግፌ መልሼ አስቀምጣለሁ። ባለፈው አንዲት ልጅ ላይም አልሰጠሁም።»

ከዚያ የጌታሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይኼን ካስገባሁት ዞን ላይ የመጨረሻ ነን። አንቺም ትጠየቂያለሽ። አስተካክለሽ ብታመጪው ነው የሚሻለው» አላት።

«አላስተካክልም። ጠይቁኝ።»

ጠራኝ። «ብርቄ፣ የየካቲትን የቀበሌዎች ሪፖርት አምጪልኝ። የሁሉንም።»

ፋይሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ የት እንዳለ አውቃለሁ። አመጣሁለት። የኢስተሂልን የቀድሞ ገጽ ፈልጎ ሊያሳያት ነበር የፈለገው መሰለኝ። ገጾቹን ሲገልጥ ግን እጁ እየዘገየ ሄደ። አንዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ቀጥሎ ሌላውን አጠገቡ። ከዚያ የጥርን አስመጣኝ፣ የታኅሣሥንም።

አሥራ አራት ቀበሌ አለን። በአሥራ አንዱ ላይ የኦአርኤስ ቀሪ ሁለት ይላል። የዚንክ ኪኒን ሁለት ቅጠል። የሕፃናት አንቲባዮቲክ ሁለት። ወር በወር፣ በአሥራ አንድ የተለያየ እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። እሱ በእጁ ኮምፒዩተር ላይ ሲያስገባው ኖሯል፣ እኔ በእጄ ፋይል ውስጥ ሳስገባው ኖሬያለሁ፤ ሁለታችንም አላየነውም።

እኔ የነገርኩት ለኢስተሂል ብቻ ነው። እሷ ለጓደኛዋ ነግራለች፣ ጓደኛዋም ለጓደኛዋ። ያን ሁሉ ወረቀት ተዘርግቶ ሳይ የበሩን ጉበን ያዝኩ። በአሥራ አንድ መደርደሪያ ላይ ማንም የማይነካቸው ፓኬቶች ታዩኝ፤ በር ላይ ደግሞ ልጅ የታቀፉ ሴቶች።

የጌታሁን መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። «ማነው ያስተማራችሁ?» አለ።

ኢስተሂል ወደ በሩ አላየችም። «አንተ» አለችው። «በቀይ።»

የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ዐብዲሰላምን ጠሩት። በሶማልኛ ብዙ ተነጋገሩ። ዐብዲሰላም አንድ ጊዜ ጮኸባት፣ አንድ ጊዜ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው፣ እሷ መልሳ ገፋችው። የሰማሁትን ያህል፣ ልጅቷን ከሪፖርቱ አውጪ፣ ዜሮው ይቆይ ይላታል። እሷ ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው ትለዋለች። በመጨረሻ በአስተያየት ቦታው የኢልሀም ስም ተሰርዞ «አንድ ሕፃን፣ በሪፈር ላይ፣ መንገድ ላይ ሞት» ተብሎ ተጻፈ፤ ስም በሪፖርት አይገባም አሏት። ፈረመ። ማኅተሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

የጌታሁን ሁለት ቀን ሙሉ ለቀበሌዎቹ ሲደውል ዋለ። «የሪፖርቷን ሁለት አውጥታችሁ ስጡ። እውነተኛውን ቁጥር ላኩልኝ። አልቆጣም።» አንዷ ስልኩን ዘጋችበት፣ ወጥመድ መስሏት። ደግሞ ደወለላት።

መድኃኒቱ ከጅጅጋ የመጣው በሦስት ሳምንቱ ነው፣ ከተጠየቀው ግማሹ። ኢስተሂል አልተባረረችም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። የጌታሁንም ከዞን ደብዳቤ ደረሰው፤ ለማንም አላሳየውም፣ ፋይል ውስጥ ያስገባሁት ግን እኔ ስለሆንኩ አንብቤዋለሁ። ወረዳችን የመጨረሻ ወጣች።

በሚቀጥለው ሪፖርት ከጎብሌ የተቅማጥ ልጆች ቁጥር ስልሳ ሦስት ሆነ። ዘጠኝ የነበረው። ከዞን ሁለት ሰዎች ወረርሽኝ ገባ ብለው በመኪና መጡ፤ ውሃ ቀዱ፣ ሰገራ ወሰዱ፣ ኢስተሂልን መቼ እንደጀመረ ጠየቋት።

«አልጀመረም» አለቻቸው። «መድኃኒት ሲመጣ ሰው መጣ። ሰው ሲመጣ ጻፍኩ። በሽታውማ ድሮም ነበረ።»

አንደኛው ይህን በማስታወሻው ጻፈ። ሌላው ሲሄዱ ከመኪናው ሆኖ ለየጌታሁን «ሴትየዋ ቀጥ ያለች ናት፣ ታስቸግራለች» ሲለው ሰማሁ።

ያን ዕለት መኪናው ከሄደ በኋላ ነገርኳት። ከግቢው ግንብ ጥላ ሥር አውቶቡስ ትጠብቅ ነበር።

«የሁለቷን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «የጌታሁን ማነው ያስተማራችሁ ሲል አንተ ስትዪው በሩ ላይ ነበርኩ። እኔን መጥራት ትችይ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

እንደልማዷ የእጇን ቆዳ ቆነጠጠች፣ ለቀቀችው። «አንቺ የነገርሽኝ ወረቀት ላይ እንድጽፍ ነው። ልጅቷን ያየኋት እኔ ነኝ። ያንን ከማንም ጋር ልከፋፈለው ብል አይከፈልልኝም።» ከዚያ ዝቅ ብላ፣ «ደግሞ አንቺን ማባረር ይቀላል፣ አባዮ። ፅዱ ወለል ማን ይሰጠናል?» አለች። ሊያስቀኝ ፈልጋ ነው። አልሳቅንም።

ከዚያ በኋላ ማንም ያላዘዛትን ሥራ ጀመረች። ቤት ለቤት ስትዞር፣ በየጎጆው እየገባች፣ ከጥር እስከ መጋቢት በተቅማጥ የሞተባችሁ ልጅ አለ ወይ እያለች ጠየቀች። ሰዎቹ መጀመሪያ ዝም አሏት። ዋርዳ አብራት ዞረች፤ እሷን ሲያዩ ተናገሩ። ሐምሌ ላይ ኢስተሂል ከወሩ ሪፖርት ጋር አንድ የተቀደደ የደብተር ገጽ አመጣች። ሰባት ስም አለበት፣ ዕድሜያቸው፣ የእናታቸው ስም፣ ወደ ኬላ መጥተው እንደሆነና ምን ተብለው እንደተመለሱ።

የጌታሁን ለረጅም ጊዜ ያዘው። «ይኼን የማስገባበት ቦታ የለኝም» አላት። «ወሩ ተዘግቷል። ተመልሼ ልከፍተው አልችልም።»

«አታስገባው። ይኑር ብቻ።»

ማኅተም አደረገበት፣ ቁጥር ሰጠው፣ ለኔ ሰጠኝ። የት እንደማስገባው አላወቅሁም፤ የየትኛውም ወር አይደለም። በመጨረሻ የጎብሌን ፋይል ከፍቼ በየካቲትና በመጋቢት መሀል አኖርኩት። ያ የካቲት ቀሪ ሁለት ይላል፣ የሞተ የለም ይላል፣ በኢስተሂል እጅ ጽሑፍ፣ በእኔ ምክር።

አሁን ጎብሌ ዜሮ ሲኖራት ዜሮ ትጽፋለች። ሌሎቹም ይጽፋሉ፣ ሁሉም አይደሉም። አንዳንድ ወር ፋይል ሳስገባ በአንዱ ቀበሌ ገጽ ላይ ሁለት የሚል አያለሁ። እውነት ሁለት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ይዤ የጌታሁን ክፍል እሄድና፣ «ይቺን ደውልላት» እለዋለሁ። ይደውልላታል። ስልኩ እስኪነሳ ድረስ ሁለታችንም ቆመን እንጠብቃለን።